ለመምህርነት ተወዳድሮ ያልተመረጠ ሰው አስተያየት የሚጠይቅበት አጭር ማስታወሻ፦ እንዴት ይጻፋል፣ ለማን ይላካል?

በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የመምህራን ቅጥር በአብዛኛው በክረምቱ ወራት ይካሄዳል። ማስታወቂያ ይወጣል፣ አመልካቾች ማስረጃቸውን ያስገባሉ፣ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል፤ ከዚያ ብዙዎች ዴሞ የሚሉት የማሳያ ትምህርትና ቃለ መጠይቅ ይከተላል። በመጨረሻ ለአንዱ ይደወልለታል። ሌሎቹ ወይ «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት ይደርሳቸዋል፣ ወይ ምንም አይደርሳቸውም።

ይህን የምጽፈው የማሳያ ትምህርት እስከ ማቅረብ ደርሰው ላልተመረጡ መምህራን ነው። በሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪነት ከገምጋሚዎቹ ወገን ተቀምጬ ብዙ ማሳያ ትምህርቶች ተመልክቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ማስታወሻዎችም አንብቤአለሁ። አንዳንዶቹ በዚያው ቀን መልስ ያገኛሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከርእሰ መምህሩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ርእሰ መምህሩ ሲዞሩ ይቀራሉ። መልስ የሚያገኘውን ከማያገኘው የሚለየው ቋንቋው ማማሩ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

«ለምን አልተመረጥሁም?» የሚለው ጥያቄ ትምህርት ቤቱን ውሳኔውን እንዲከላከል ያስገድደዋል። ለመመለስ የተመረጠውን ሰው ከእናንተ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፣ ደመወዝና የግል ጉዳይ ይነሣል፣ የተጻፈው መልስም ነገ ቅሬታ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ኃላፊው ዝም ማለትን ይመርጣል። «በማሳያ ትምህርቱ ይህን ክፍል እንዴት አያችሁት?» የሚለው ግን የሥራ ባልደረባን የሙያ አስተያየት መጠየቅ ነው። መምህር ስለ ማስተማር ሲጠየቅ መናገር ይወዳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወደ ሁለተኛው የመለወጥ ሥራ ነው።

1. በየትኛው ደረጃ እንደቀራችሁ ለዩ

በማስረጃ ማጣሪያ የቀረ ሰው ሲያስተምር ያየው ስለሌለ የሚጠይቀው ብዙ ነገር የለውም። ማስታወቂያውን እንደገና አንብቦ የጎደለውን መፈለግ ይበቃዋል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ያስተማረውን ትምህርት ዓይነትና የክፍል ደረጃ ሳይጠቅስ «በመምህርነት አገልግሏል» ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከቀድሞው መሥሪያ ቤት መልቀቂያ አልተያያዘ ይሆናል። በጽሑፍ ፈተና የቀረም ቢበዛ «የትኛው የትምህርቱ ክፍል ላይ ደከምሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ማሳያ ትምህርት ያቀረበ ሰው ግን በሦስት ወይም በአራት ሰዎች ፊት ሠርቷል። እነዚያ ሰዎች ወረቀት ይዘው ማስታወሻ ወስደዋል። ሊጠየቅ የሚገባው በእነርሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ነገር ነው።

አንድ ነገር እዚሁ ልለይ። የመንግሥት ተቋም ውድድር ከሆነና የነጥብ አሰጣጡ ትክክል አልነበረም ብላችሁ ካመናችሁ፣ ወይም የግል ትምህርት ቤት ቢሆንም በጾታ ወይም በእምነት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ካላችሁ፣ የምትጽፉት ቅሬታ ነው። ቅሬታ የራሱ ጊዜ፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ ተቀባይ አለው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል፤ አስተያየት የጠየቃችሁት ሰው ይጠነቀቃል፣ ቅሬታችሁም ክብደት ያጣል።

2. ማሳያ ትምህርቱን በዚያው ዕለት መዝግቡ

ይህ ደረጃ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት የሚሠራ ነው፤ ለዚህም ነው አብዛኛው ሰው የሚዘልለው። ከትምህርት ቤቱ ስትወጡ ቁጭ በሉና አራት ነገር ጻፉ፦ የተቀመጡት ሰዎች እነማን እንደነበሩና ኃላፊነታቸው፣ እያንዳንዱ የትምህርቱ ክፍል በግምት ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ የተጠየቃችሁት ጥያቄ ቃል በቃል፣ እና የመለሳችሁት መልስ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ገምጋሚ ዝም ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያሳሰበውን ነው።

አንዲት የማውቃት መምህርት ያጋጠማትን ልንገራችሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በእርሷ ጉዳይ ላይ እየሠራን እንሄዳለን። የተወዳደረችው ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። የተሰጣት ርእስ ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መለወጥ፣ ጊዜው 20 ደቂቃ። ገምጋሚዎቹ እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። እርሷ ትርጉሙን አስረዳች፣ 1/2ን እና 1/4ን በሰሌዳ ላይ ሠራች፣ ከዚያ 3/4ን ሰጥታ «ገብቷችኋል?» አለች፤ ሁሉም «አዎ» አሉ። ሲያበቃ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ «አንድ ተማሪ 3/4 ማለት 34 በመቶ ነው ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «አሠራሩን ደግሜ አስረዳዋለሁ» ስትል መለሰች። ከአንድ ሳምንት በኋላ አለመመረጧን የሚገልጽ መልእክት ደረሳት።

በማስታወሻዋ ላይ ይህ ጥያቄ ባይሰፍር ኖሮ መልእክቱ ሲደርሳት የሚታወሳት መንተባተቧና ሰሌዳ ላይ ያጠፋችው ቁጥር ብቻ ይሆን ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚያስታውሰው ያፈረበትን ነው፤ ገምጋሚው ያየው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

3. አንድ ጥያቄ ምረጡ

አንድ ብቻ። ሦስት ጥያቄ ያለበት ማስታወሻ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ደግሞ ለነገ ይቀመጥና ይረሳል። የእናንተ ጥያቄ ተቀባዩ ስልኩን እንደያዘ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚችል መሆን አለበት።

ጥያቄውን ለመምረጥ የመዘገባችሁትን ውሰዱና ገምጋሚዎቹ የጠየቁት ነገር ከየትኛው የትምህርታችሁ ክፍል ጋር እንደሚገናኝ ፈልጉ። በመምህርቷ ጉዳይ 34 በመቶ የሚለው ጥያቄ የዘፈቀደ አይደለም። 6ኛ ክፍል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተማሪው ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ 3ንና 4ን አንድ ላይ ያነባል። አሠራሩን መድገም ይህን አያርመውም፤ ምክንያቱም ተማሪው የተሳሳተው በአሠራሩ ሳይሆን ክፍልፋዩ ምን ያህል መጠን እንደሆነ ባለማየቱ ነው። «ግማሽ ስንት በመቶ ነው? 3/4 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ ተማሪውን በራሱ እንዲያርም ያደርገዋል። ተጠሪው ሊያይ የፈለገው ይህን ሊሆን እንደሚችል መምህርቷ ቤት ገብታ ስታስበው ታያት።

ታዲያ ጥያቄዋ ይህ ሆነ፦ የተማሪን ስሕተት በተመለከተ የሰጠሁት መልስና በትምህርቱ ውስጥ መረዳታቸውን ያረጋገጥሁበት መንገድ እንዴት ታየ? ነገሩ አንድ ነው፤ የተማሪን አለመረዳት ማየትና ማረም። «አጠቃላይ አቀራረቤ እንዴት ነበር?» ብላ ብትጠይቅ «ጥሩ ነበር» ተብላ ትቀር ነበር።

መጠየቅ የማይገባውንም ላንሳ። የተመረጠው ማን እንደሆነ፣ የእርሱ ውጤት፣ የደመወዝ ጥያቄያችሁ አስቀርቷችሁ እንደሆነ፣ «በዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?» የሚሉት ሁሉ ተቀባዩን ወደ ዝምታ ይመልሱታል። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን እንኳ በዚህ ማስታወሻ የሚረጋገጥ አይደለም።

4. ስታስተምሩ ላያችሁ ሰው ላኩ

የሰው ኃይል ክፍሉ የሚያውቀው የነጥብ ድምሩን ነው። ስለ ትምህርቱ መናገር የሚችለው የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ወይም ምክትል ርእሰ መምህሩ ነው። ይሁን እንጂ የግል ስልካቸውን ከሰው ፈልጋችሁ አትላኩ። ያልሰጧችሁን ቁጥር መጠቀም በር ሰብሮ እንደመግባት ይቆጠራል። መልእክቱ በመጣበት መንገድ፣ ኢሜይል ከሆነ በኢሜይል፣ ቴሌግራም ከሆነ በቴሌግራም መልሱና መጀመሪያው ላይ «ለሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ» ብላችሁ ጻፉ። ውጤቱ በር ላይ በተለጠፈ ዝርዝር ብቻ የተገለጸ ከሆነ አንድ ገጽ ወረቀት በጸሐፊዋ በኩል ማስገባት ይቻላል፤ ስልክ ቁጥራችሁ በግልጽ ይኑርበት።

ስሙን የምታውቁ ከሆነ «መምህር» ወይም «መምህርት» ብላችሁ ከስሙ ጋር ጻፉ። «ወይዘሮ» ወይስ «ወይዘሪት» እያሉ ከመገመት ያድናል፣ የሙያ ባልደረባ መሆናችሁንም ያሳያል። ዕድሜያቸው ከእናንተ ቢያንስም «እርስዎ» አይቀሬ ነው። ቋንቋው ደግሞ እነርሱ በጻፉላችሁ ቋንቋ ይሁን።

በስልክ ከተነገራችሁ ነገሩ ይለያል። የሚደውለው ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ወይም የሰው ኃይል ሠራተኛ ስለሆነ እዚያው ላይ ስለ ትምህርቱ መጠየቅ ጥቅም የለውም። «ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ አንድ አጭር ጥያቄ በጽሑፍ ብልክ በየትኛው አድራሻ ይደርሳቸዋል?» በሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ብታጠኑት መልካም ነው፤ በድንጋጤ ሰዓት ቃል አይገኝም።

5. ጊዜውን አስተውሉ

ከሰማችሁ በኋላ አንድ ሌሊት እደሩበትና በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ላኩት። ከዚያ አትዘግዩ፤ አንድ ተጠሪ በቅጥር ሰሞን በርካታ ማሳያ ትምህርቶችን በተከታታይ ስለሚያይ የእናንተ ትምህርት ከሌላው ጋር ይቀላቀልበታል። ቀኑንና ርእሱን በማስታወሻው ውስጥ የምትጠቅሱትም ለዚህ ነው።

አስቸጋሪው ጊዜ የነሐሴ መጨረሻ፣ ጳጉሜንና የመስከረም መጀመሪያ ነው። ምዝገባ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድልና የመጻሕፍት ሥርጭት የሚበዛበት ሰሞን ነው። ያኔም ቢሆን መላኩን አታዘግዩ፤ ነገር ግን «ሥራ የሚበዛበት ጊዜ በመሆኑ ሲመችዎ» የሚል ሐረግ ጨምሩና መልሱን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ጠብቁ።

6. ጻፉት

መምህርቷ መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ይመስል ነበር፦

> ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ መምህርነት ተወዳድሬ አለመመረጤ በጣም አሳዝኖኛል። የማስተማር ልምድ ያለኝ ከመሆኑም በላይ በጽሑፍ ፈተናው ጥሩ ውጤት እንዳመጣሁ አምናለሁ። ስለዚህ ያልተመረጥሁበትን ምክንያት፣ በየትኛው መስፈርት እንዳነስሁና ለወደፊቱ ምን ማሻሻል እንዳለብኝ በዝርዝር እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ውሳኔው እንደገና ሊታይ የሚችል ከሆነም ዝግጁ ነኝ።

ማስታወሻው ትሕትና አለው፣ ስድብ የለበትም። ነገር ግን እንደ ገምጋሚ ሳነበው የሚሰማኝን ልንገራችሁ። «አሳዝኖኛል» የሚለው ማጽናናት ይጠይቀኛል። «ልምድ ያለኝ ከመሆኑም በላይ» ሲል ክርክር ተጀምሯል። «በዝርዝር» የሚለው ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል። «እንደገና ሊታይ» ሲመጣ ደግሞ የምጽፈው እያንዳንዱ ቃል ለይግባኝ እንደሚውል አስቤ ወደ ርእሰ መምህሩ እመራዋለሁ። እዚያ ይቀራል።

በማግሥቱ የላከችው ይህ ነው፦

> ለሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ፣
>
> ነሐሴ 6 ቀን ጠዋት ለ6ኛ ክፍል መምህርነት ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መለወጥ የሚል ማሳያ ትምህርት ያቀረብሁ ነኝ። ውጤቱን ስላሳወቃችሁኝና ጊዜ ሰጥታችሁ ስላያችሁኝ አመሰግናለሁ።
>
> ውሳኔውን ተቀብያለሁ፤ የምጠይቀው ለቀጣይ ሥራዬ እንዲረዳኝ ነው። 3/4 ማለት 34 በመቶ ነው ስለሚል ተማሪ ጠይቀውኝ ነበር። የሰጠሁት መልስና በትምህርቱ መካከል የተማሪዎችን መረዳት ያረጋገጥሁበት መንገድ ለእርስዎ እንዴት ታየ? አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይበቃኛል፤ በስልክ መናገር ከቀለለዎ ቁጥሬ ከታች አለ።
>
> ካልተመቸዎም እረዳለሁ። መልካም የትምህርት ዘመን።
>
> (ሙሉ ስም፣ ስልክ)

ቀኑና ርእሱ የማስታወስን ሥራ ያቀልላሉ። «ውሳኔውን ተቀብያለሁ» የሚለው አጭር ሐረግ ከሁሉም በላይ ሥራ ይሠራል፤ ተቀባዩ ከዚያ በኋላ ያለውን ያለ ሥጋት ያነባል። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት እንጂ በኋላ አይግባ። የመልሱን ርዝመት መወሰንም እንዲሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ አምስት ይጽፋል፣ «በዝርዝር» የተባለ ግን አንድም አይጽፍም። በስልክ የመመለስ ምርጫ መስጠት ደግሞ በአገራችን እጅግ ይጠቅማል፤ በቃል በነጻነት የሚናገረውን በጽሑፍ ለማስፈር የሚፈራ ኃላፊ ብዙ ነው።

ከመላካችሁ በፊት ማስታወሻውን በዚህ መንገድ ፈትኑት፦ ጥያቄውን ብቻ አውጡና ለሌላ መምህር አንብቡለት። ትምህርቱን ሳያይ «እንዲህ ብትዪ ይሻል ነበር» ብሎ መወያየት ከጀመረ ጥያቄው ስለ ማስተማር ነው። «ውይ፣ አልወሰዱሽም?» ካለ ጥያቄው ገና ስለ ውሳኔው ነው፤ እንደገና ጻፉት።

7. መልሱን ማንበብ፣ ዝምታንም ማንበብ

መልስ ካልመጣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ ይቻላል፦ «ምናልባት ካላዩት ብዬ ነው፤ ካልተመቸ ችግር የለም።» ከዚያ በኋላ ተዉት። ያው የግል ትምህርት ቤት አስተያየት የሚሰጠው በበጎ ፈቃዱ ነው።

«ሁላችሁም ጥሩ ነበራችሁ፣ ውድድሩ ጠንካራ ስለነበር ነው» የሚል መልስ ከመጣ በር በትሕትና ተዘግቷል ማለት ነው። «የክፍል አያያዝ ላይ ብትሠሪ» ወይም «ተማሪን የማሳተፍ ነገር» የሚሉት ግን ባዶ አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ፊትን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ረዥም ጊዜ ስለ መቆየት ወይም ድምፅ ከኋላ ወንበር አለመድረሱን ይመለከታል፤ ሁለተኛው የተጠየቁት ጥያቄዎች በ«አዎ» ብቻ የሚመለሱ እንደነበሩ ያመለክታል። የጻፋችሁትን የደቂቃ ምዝገባ አውጡና ከመልሱ ጋር አስተያዩት።

ለመምህርቷ የተደወለላት ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ተጠሪው የነገራት አጭር ነገር ነው፦ ማብራሪያዋ ግልጽ ነበር፣ ነገር ግን እስከ 15ኛው ደቂቃ ድረስ ተማሪ ምንም ነገር አልጻፈም፤ «ገብቷችኋል?» ከማለት ሁሉም በደብተሩ ሠርቶ እንዲያሳይ ብታደርግ 34 በመቶ የሚለው ስሕተት እርሱ ሳይጠይቃት በፊት ይወጣ ነበር። እርሷ ከገመተችው ይህ በአንድ እርምጃ ይርቃል፤ እርሷ መልሷን ነበር የተጠራጠረችው፣ እርሱ ያሳየው ግን ስሕተቱን የሚያወጣው ሥራ መጥፋቱን ነው።

የመጣው አስተያየት ትክክል ባይመስላችሁ እንኳ አትከራከሩ። መልሳችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ ምስጋና፣ ከዚያ ከተባለው ውስጥ የምትሠሩበትን አንድ ነገር ስም ጠርቶ መናገር። «የነገሩኝን ይዤ በቀጣዩ ትምህርቴ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ጥያቄ በደብተር እንዲሠሩ አደርጋለሁ» የሚል መልስ ተጠሪው የእናንተን ስም እንዲያስታውስ ያደርገዋል።

8. ለሁለተኛው ዕድል አዘጋጁት

ስማችሁ በተጠሪው ዘንድ መታወሱ ተጨባጭ ጥቅም አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በመስከረም የተቀጠረ መምህር በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሊሄድ ወይም ሊሰናበት ይችላል። ያኔ ክፍሉ ባዶ መዋል ስለማይችል ተጠሪው እንደገና ማስታወቂያ ከማስወጣት ይልቅ የሚያስታውሰውን ሰው ይጠራል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ ያሰፈራችሁት ስልክ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ የሚሠራ ይሁን፤ ሌላ ሥራ ጀምራችሁ ከሆነም ሲደወል በግልጽ ንገሩ።

ያው ትምህርት ቤት በቀጣዩ ክረምት እንደገና ማስታወቂያ ካወጣ በማመልከቻችሁ ውስጥ ታሪኩን መተረክ አያስፈልግም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ባለፈው ዓመት ማሳያ ትምህርት አቅርቤ ከትምህርት ክፍሉ ተጠሪ የተሰጠኝን አስተያየት ተቀብዬ፣ በዚህ ዓመት በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች ማብራሪያው ከማለቁ በፊት በደብተራቸው እንዲሠሩ በማድረግ ስሕተታቸውን እዚያው እያረምሁ ቆይቻለሁ።» ከዚህ ጋር ያንን አሠራር የሚያሳይ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ አንድ ገጽ አያይዙ፤ በዕቅዱ ላይ ተማሪዎች የሚሠሩበት ደቂቃና እናንተ የምትጠብቁት ስሕተት ተጽፎ ይታይ።